ርክክቡ ካለቀ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ

የሕንፃ ሥራ ውል ሕንፃው ባለቀበት ቀን አያልቅም። ቀለሙ ተቀብቶ፣ ቁልፉ ተቆጥሮ፣ አሠሪው፣ አማካሪ መሐንዲሱና ሥራ ተቋራጩ በቃለ ጉባኤ ላይ የሚፈርሙበት ቀን ጊዜያዊ ርክክብ ይባላል። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 365 ቀን የሚቆይ የጉድለት ማረሚያ ጊዜ አለ። በዚህ ዓመት ውስጥ አንድ ክረምት መካተቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የቆርቆሮው መጋጠሚያ፣ የአሸንዳው ተዳፋት፣ የመስኮቱ ዙሪያ እውነተኛ ፈተናቸውን የሚያዩት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነውና። ያፈሰሰው ተደፍኖ፣ የተሰነጠቀው ልስን ተጠግኖ፣ ሦስቱ ወገኖች ሕንፃውን ዳግመኛ ዞረው ሲፈርሙ የመጨረሻ ርክክብ ይሆናል። ከየክፍያው እየተቀነሰ የተያዘው ገንዘብ፣ በተለምዶ 5 በመቶ፣ ግማሹ በጊዜያዊው ርክክብ ተለቅቆ ከሆነ ቀሪው አሁን ይለቀቃል። ሂሳቡም ይዘጋል።

ከዚህ በኋላ አብዛኛው ተቋራጭ ዝም ይላል። አራትና አምስት ዓመት በየሳምንቱ ስብሰባ የተቀመጡ፣ በደብዳቤ የተሟገቱ፣ አርማታ በሚሞላበት ሌሊት አብረው ያመሹ ሰዎች ገንዘቡ ባንክ በገባ ማግስት አይተዋወቁም። ሥራው የሚጠይቀው ወረቀት ሁሉ ተጽፏል፤ የይገባኛል ጥያቄው፣ የጊዜ ማራዘሚያው፣ ማስጠንቀቂያው፣ ማሳሰቢያው ሁሉ ፋይሉ ውስጥ አለ። ምስጋናው ብቻ የለም። በውል አስተዳደር ሥራ ውስጥ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህ ጉድለት ያሳዝነኛል፤ ፋይሉን ከዓመታት በኋላ የሚከፍት ሰው ጠብን እንጂ ሌላ ነገር አያገኝም።

የሚጽፉም አሉ። ግን የሚጽፉት ሁላችንም በቃላችን የምናውቀውን ነው፤ «ፕሮጀክቱ በተሳካ ሁኔታ እንዲጠናቀቅ መሥሪያ ቤታችሁ ላደረገልን ቀና ትብብር ከልብ እናመሰግናለን።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስህተት የለም። ችግሩ ለማንም መሥሪያ ቤት በማናቸውም ቀን ሊላክ መቻሉ ነው። መዝገብ ቤት ይቀበለዋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ኃላፊው ያየዋል፣ ይታሰራል። እነዚያን ዓመታት በሥራው የደከመ ሰው ደብዳቤውን ቢያነብ ራሱን አያገኝበትም።

ጥሩ የምስጋና ደብዳቤ ከዚህ የሚለየው በቃላቱ ማማር አይደለም፤ አሠሪው የሠራውን ነገር በስሙ ስለሚጠራ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ከተለያዩ ሥራዎች ያሰባሰብኩትን አንድ ጉዳይ ልዘርዝር።

በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ባለ አራት ፎቅ የመማሪያ ሕንፃ ይሠራል። ውሉ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ተፈረመ፤ የሥራው ጊዜ 540 ቀን ተባለ። መሠረቱ ሳያልቅ ኮቪድ መጣ። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡት ሠራተኞች ግማሾቹ ወደ ቤተሰባቸው ሄዱ። በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ ጠፋ፤ ያለውም ዋጋው ከውሉ ዋጋ ጋር የማይተዋወቅ ሆነ። ጊዜያዊ ርክክቡ የተፈጸመው በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ሲሆን የመጨረሻው በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ነው። በዚህ መካከል የአሠሪው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል።

ተቋራጩ ደብዳቤ ሊጽፍ ሲቀመጥ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት የደብዳቤ መዝገቡንና የሳይት ማስታወሻ ደብተሩን ማገላበጥ ነው። የሚፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ አሠሪው ባያደርገው ኖሮ ሥራው ይቆም ወይም ይበላሽ የነበረ ድርጊት። ሦስት ወይም አራት ካገኘ ይበቃዋል። በእኛ ምሳሌ እነዚህ ተገኙ።

አንደኛው የሲሚንቶ ጉዳይ ነው። በዚያን ጊዜ ከፋብሪካ በፋብሪካ ዋጋ ለመግዛት ተራ ብቻ አይበቃም፤ ሥራው የመንግሥት መሆኑን፣ የቀረውን የሥራ መጠንና የሚያስፈልገውን ኩንታል የሚገልጽ የአሠሪው የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። በሌላ ቦታ ይህ ደብዳቤ ሳምንታት ይፈጃል። የዚህ መሥሪያ ቤት የግዥ ባለሙያ ግን በተጠየቁበት ዕለት አዘጋጅተው፣ አስፈርመው፣ ማኅተም አስመትተው ሰጡ። ሁለተኛው የርእሰ መምህርቷ ነው። ትምህርት ሲከፈት ድምፅና አቧራ የሚበዛባቸውን ሥራዎች ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ላይ የሚያደርግ ፕሮግራም ከፎርማኑ ጋር በየሰኞው ይነድፉ ነበር፤ የ8ኛ ክፍል ፈተና ሳምንት ሥራው ጭራሹን ሲቆምም ለጊዜ ማራዘሚያው ማስረጃ የሚሆነውን ወረቀት ራሳቸው ጽፈው ሰጥተዋል። ሦስተኛው የፋይናንስ ሠራተኛው ናቸው። አንድ ሰርተፍኬት ለአራት ወር ሳይከፈል ቆይቷል። እሳቸው ሊያስከፍሉ አልቻሉም፤ ነገር ግን «ነገ ኑ» አላሉም። በጀቱ ማለቁን፣ ክፍያው ከሐምሌ 1 በፊት እንደማይወጣ ቁርጡን ስለተናገሩ ተቋራጩ የሠራተኛ ደሞዝ ከሌላ ቦታ ለመፈለግ ጊዜ አገኘ።

አራተኛውን ጠለቅ ብዬ ልናገረው፤ ብዙ ሰው ሊመሰገንበት የማይደፍረው ነገር ነውና። የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ ሊሞላ ነው። ሚክሰሩ ቆሟል፣ ጠጠሩ ተከምሯል፣ ስድሳ የቀን ሠራተኛ ተጠርቷል። የአማካሪው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሳንቃው ላይ ወጥተው ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ከታችኛው ፌሮ ሥር አስገቡ፤ አልገባም። ፌሮው ሳንቃው ላይ ተኝቷል። በፌሮውና በሳንቃው መካከል መግባት ያለበት ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ክፍተት፣ እሱንም የሚጠብቁት ትናንሽ የሲሚንቶ ብሎኬቶች፣ በአንድ በኩል ሙሉ በሙሉ ተረስተዋል። እንዲህ ሆኖ ቢሞላ አርማታው ፌሮውን ከታች አይሸፍነውም፤ እርጥበት ይደርስበታል፣ ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ከዓመታት በኋላ የጣሪያው ልስን ከነአርማታው እየተቆረሰ ተማሪ ላይ ይወድቃል። መሐንዲሱ ሥራውን አስቆሙ። ሁለት ቀን ጠፋ፣ የስድሳ ሰው የቀን ደሞዝም ከነውሃው ከነዳቦው ከተቋራጩ ኪስ ወጣ። በዚያን ዕለት የተጻጻፉት ደብዳቤዎች ሻካራ ናቸው።

ከአራት ዓመት በኋላ ለዚያ ማስቆም ማመስገን ለተቋራጩ ሞያ ነው። አሠሪውም ያን ጊዜ «ልጆቹ ይቸኩላሉ፣ ይለፍ» ብሎ መሐንዲሱን አለመጫኑ ምስጋና ይገባዋል፤ ብዙ ቦታ ጫናው የሚመጣው ከዚያ ነው።

በተቃራኒው ልንጠነቀቅበት የሚገባ ምስጋና አለ። «ችግሮቻችንን ተረድታችሁ በጥብቅ ሳትመለከቱ ስላሳለፋችሁልን» የሚል ዓረፍተ ነገር ጻፈው በቅንነት ጽፎት ይሆናል። ኦዲተር ሲያነበው ግን የሚታየው አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ማየት የነበረበትን ሳያይ አሳልፏል የሚል የጽሑፍ ማስረጃ ነው። ባለውለታውን ማመስገን ቀርቶ ጥያቄ ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ ሰውን የምናመሰግነው ሥራውን በደንብ ስለሠራ መሆን አለበት፤ ፈጥኖ ስለወሰነ፣ ቁርጡን ስለተናገረ፣ ትክክለኛውን ስለጠየቀ።

ሌላው ጥንቃቄ የጊዜ ነው። በጊዜያዊ ርክክብ ማግስት የሚላክ ምስጋና፣ ጸሐፊው የቱንም ያህል ቢያስብበት፣ የተያዘችውን ቀሪ ገንዘብ የሚያይ ይመስላል። ከክፍያ ጥያቄ ጋር በአንድ ወረቀት ሲጻፍማ መምሰል ብቻም አይደለም። ደብዳቤው የመጨረሻው ርክክብ ተፈርሞ፣ የመጨረሻው ክፍያ ባንክ ገብቶ፣ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትናው ለባንኩ ከተመለሰ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢላክ የሚፈልገው ነገር እንደሌለ ቀኑ ራሱ ይመሰክርለታል። በጣም ከቆየ ደግሞ የሚያነበው ሰው ተቀይሮ ይጠብቀዋል።

ያልተዘጋ ጥያቄ ካለ ነገሩ ይለያል። የዋጋ ማስተካከያ ወይም የጊዜ ማራዘሚያ ክርክር ገና በእንጥልጥል ላይ እያለ «ሁሉም ነገር በስምምነት ተጠናቆ፣ ምንም ቀሪ ጥያቄ ሳይኖረን» ብሎ ማመስገን በኋላ ክርክሩ ሽማግሌ ወይም ፍርድ ቤት ፊት ሲደርስ ሌላው ወገን የሚያነበው ደብዳቤ ይሆናል። ምስጋና የመብት መተው እንዳይመስል ደብዳቤው ስለ ሰዎቹና ስለ ሥራው ይናገር፤ ስለ ሂሳብ በሂሳብ ደብዳቤ ይነገር። ክርክሩ የከረረ ከሆነ እስኪዘጋ መጠበቁ ይሻላል።

አሁን ደብዳቤውን እንየው። ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው ነው። ለድርጅት ስለሆነ «እናንተ» ይላል፤ ሰው ሲጠቅስ በኃላፊነቱና በአንቱታ ይጠራል።

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

በትምህርት ቤቱ ግቢ የሠራነው የመማሪያ ሕንፃ የመጨረሻ ርክክብ ተፈጽሞ ሂሳቡም ተዘግቷል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ለምስጋና ብቻ ነው።

በ540 ቀን እናስረክባለን ብለን የፈረምነው ሥራ አራት ዓመት ያህል ወስዷል። በዚህ ጊዜ መሥሪያ ቤታችሁ ያደረጋቸውን ጥቂት ነገሮች በጽሑፍ ሳናሰፍር ማለፍ አልፈለግንም።

በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ በጠፋበት ወቅት የግዥ ባለሙያዋ የድጋፍ ደብዳቤውን በጠየቅንበት ዕለት አዘጋጅተው ባይሰጡን ኖሮ የሦስተኛው ፎቅ ሥራ ክረምቱን ቆሞ ያሳልፍ ነበር። የፋይናንስ ባለሙያው ክፍያ ሊዘገይ ሲል አስቀድመው እውነቱን ስለነገሩን ሠራተኞቻችን ደሞዛቸውን ሳያጡ ቆይተዋል። ርእሰ መምህርቷ በየሰኞው ከፎርማናችን ጋር እየተቀመጡ ፕሮግራም ባያወጡ ኖሮ ትምህርትና ግንባታ በአንድ ግቢ ውስጥ አብረው ሊሄዱ አይችሉም ነበር።

ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ የሁለተኛውን ፎቅ ሶሌታ ሙሌት ባስቆሙበት ቀን ከብዶን ነበር። ዛሬ ክፍሎቹ ውስጥ የሚማሩትን ልጆች ስናስብ ውሳኔያቸው ትክክል እንደነበረ በግልጽ መናገር እንወዳለን፤ መሥሪያ ቤታችሁም ከጎናቸው በመቆሙ እናመሰግናለን።

ሥራው ሲጀመር የነበሩትና አሁን በሌላ ቦታ የሚገኙት ሁለት የቀድሞ ኃላፊዎችም ምስጋናችን እንዲደርሳቸው ይህ ደብዳቤ በግልባጭ ተልኮላቸዋል።

ሕንፃውን በሚመለከት ጥያቄ ሲኖራችሁ በማንኛውም ጊዜ ብትደውሉልን ደስ ይለናል።

ከሰላምታ ጋር

ይኸው ነው። «ክቡራን» የለም፣ «ከፍ ያለ» የለም፣ «ልዩ አክብሮት» የለም፤ ሆኖም ሙቀት አለው። ሙቀቱ የመጣው ከዝርዝሩ ነው። መዘግየቱንም አልደበቀም፤ ማን አጠፋ ሳይል በአንድ መስመር አልፎታል። ክፍያ ሁልጊዜ በወቅቱ ነበር ብሎም አልዋሸም። የመጨረሻዋ መስመር ላይም «ለዘለዓለም በነፃ እንጠግናለን» አላለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 3039 ተቋራጩ ለሥራው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ያ ኃላፊነት ደብዳቤ ቢጻፍም ባይጻፍም ያው ነው። በደግነት ከዚያ በላይ ቃል መግባት ቧንቧ በተደፈነ ቁጥር የሚጠራ ተቋራጭ ያደርጋል።

ከደብዳቤው ሁሉ እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ከፊርማው በታች ላለው ግልባጭ ነው። የግዥ ባለሙያዋ የተመሰገኑበት ወረቀት ለኃላፊያቸው ብቻ ቢደርስ እሳቸው ላያዩት ይችላሉ። «ግልባጭ፦ ለሰው ሀብት አስተዳደር፣ ለግዥና ንብረት ክፍል፣ ለፋይናንስ ክፍል፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለአማካሪ ድርጅቱ» ሲባል ግን ወረቀቱ በግል ማኅደራቸው ውስጥ የመግባት ዕድል ያገኛል። ለደረጃ ዕድገት ሲወዳደሩ ከውጭ የመጣ፣ የሠሩትን በዝርዝር የሚናገር ማስረጃ አላቸው ማለት ነው። የተዛወሩትን ኃላፊዎችም በግልባጭ ማግኘት እንዲሁ ነው፤ ረጅም ውል የጀመረው ሰው አንድም ጊዜ በምርቃቱ ላይ አይገኝም ለማለት ይቻላል፤ መሬቱን ያስለቀቀው፣ ውሉን የፈረመው፣ የመጀመሪያውን ስድብ የተቀበለው ግን እሱ ነው።

ስጦታስ? በእኛ ባህል ባዶ እጅ ማመስገን ይከብዳል፤ ሳይት ላይ ሶሌታ ሲሞላ በግ የሚታረደው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን አሠሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን ለግለሰብ የሚሰጥ ሰዓት፣ ስልክ ወይም የታሸገ መጠጥ ምስጋናውን ያበላሸዋል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራው ጋር በተያያዘ የማይገባ ጥቅም መቀበሉ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚያስጠይቅ ነው፤ ሰጪውም ነፃ አይወጣም። «ሥራው አልቋል እኮ» የሚለው መልስ አያድንም፤ ያ ሰው ነገ በሌላ ጨረታ ኮሚቴ ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

ለተቋሙ የሚሰጥ ነገር ግን አለ፣ ደግሞም ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው። ከየቀለሙ አንድ አንድ ቆርቆሮ፣ ቁጥሩ በላዩ ተጽፎ። ከየክፍሉ ሴራሚክ የተረፈ አንድ ካርቶን፣ በኋላ ያው ዓይነት ስለማይገኝ። ቁልፎቹ ሁሉ የክፍል ቁጥር ታስሮባቸው በአንድ ሳጥን። የውሃና የመብራት መስመሩ በትክክል የት እንዳለፈ የሚያሳይ፣ መጀመሪያ የታቀደውን ሳይሆን የተሠራውን የሚያሳይ ፕላን፤ ከእሱም ጋር ለግቢው የጥገና ሠራተኛ በአማርኛ የተጻፉ ሁለት ገጽ፤ አሸንዳው በየስንት ጊዜ ይጠረግ፣ ዋናው የውሃ መዝጊያ የት ነው፣ የትኛው ግድግዳ በፍጹም አይነካም። ይህ ሁሉ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ደረሰኙ ስላለም ማንም ሰው በጎሪጥ አያየውም። ደስታን አብሮ መካፈል ካስፈለገ የትምህርት ቤቱ መምህራንና የጥበቃ ሠራተኞች ከግንበኞቹ ጋር ሆነው ግቢው ውስጥ ቡና ቢጠጡ ነውር የለውም፤ ፊርማው ካለቀ በኋላ ይሁን እንጂ።

ለግል ቤት አሠሪ ሲሆን መንገዱ ቀለል ይላል። አሁን ብዙ ሰው ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ቤት ያሠራል። ገንዘቡን የሚልከው እሱ ነው፤ ሳይቱ ላይ የሚውሉት ግን በውክልና የቆሙለት ወንድም፣ አንዳንዴም እናት ናቸው። ደብዳቤውን ለባለቤቱ ብቻ መጻፍ ትልቅ ቅሬታ ይተዋል። በየሳምንቱ ፎቶ እያነሡ የላኩት፣ ሲሚንቶ ሲራገፍ ከረጢት የቆጠሩት፣ ለግንበኞች በየበዓሉ ዳቦ የደፉት እናት «እትዬ» ተብለው በአንቱታ የተጻፈ የራሳቸው ወረቀት ይገባቸዋል፤ ሄዶ በእጅ መስጠትም ያስፈልጋል።

አሠሪው ክፉ ሆኖ ያለፈ ከሆነስ? እውነተኛ ነገር አንድ እንኳ ከተገኘ አንድ አንቀጽ ይጻፍ፤ ምናልባት ያ ሁሉ ግብግብ እያለ ስብሰባ ያልቀረው የጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው፣ ምናልባት የግቢው ዘበኛ ናቸው። ምንም ካልተገኘ የርክክቡ ሰነድ ይበቃል። የሌለ ምስጋና የሚፈጥር ተቋራጭ ሌላ ጊዜ በእውነት ሲያመሰግን የሚያምነው አያገኝም።

ተቋራጩ ከአሠሪው የሚፈልገው አንድ ወረቀት ግን መቅረቱ አይቀርም፤ ለቀጣይ ጨረታ የሚቀርብ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ማስረጃ። የሥራውን ዓይነት፣ የውሉን ዋጋ፣ የተጀመረበትንና የተጠናቀቀበትን ቀን የሚገልጽ መሆን አለበት፤ ይህ ከጎደለው የጨረታ ኮሚቴ አይቀበለውም። እሱን ለመጠየቅ የተሻለው ጊዜ የመጨረሻው ርክክብ የተፈረመበት ሳምንት ነው፤ የራሱ ቁጥር ባለው ሌላ ደብዳቤ፣ ምስጋናው ከመላኩ በፊት። ማስረጃው በእጅ ከገባ፣ ሂሳቡም ከተዘጋ በኋላ የምስጋናው ደብዳቤ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ግልባጮቹ እየተለዩ በየፖስታው ይገባሉ፤ የግዥ ባለሙያዋንና የዘበኛውን ፖስታ ግን ሥራ አስኪያጁ ራሱ ይዞ ይሂድ።